የማይክ ኪዩቡና ሦስቱ ፕሌቶች፦ የትኛውን ፊላመንት በየትኛው ላይ እናትም?

በዚህ ጽሑፍ የማቀርበው ስለ ዜና አጻጻፍ ሳይሆን ስለ አንድ የፕላስቲክ ሳጥን ነው። ቃለ መጠይቅ ስናደርግ ማይክራፎኑ አንገት ላይ የሚገባውን፣ የጣቢያው ስም የተጻፈበትን ባለ አራት ፊት ሳጥን ሁላችንም እናውቀዋለን። ማይክ ኪዩብ ይባላል። ያለፈው ሴሚስተር ለካምፓስ ቴሌቪዥናችን አራት ኪዩብ ያስፈልግ ስለነበር፣ በኢንጂነሪንግ ላብራቶሪ ባለው ስሪዲ ፕሪንተር ላይ የማተሙ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። ሥራው ሦስት ቀን ይፈጃል ተብሎ አምስት ሳምንት ፈጀ። በመሐሉም የሰው ንብረት አበላሸሁ። ያበላሸሁት ባለማወቅ ነው፤ ያላወቅኩትም ነገር አንድ ብቻ ነበር። እሱም ዕቃው የሚታተምበት ፕሌት ከፊላመንቱ ጋር መመሳሰል እንዳለበት ነው። ከእኔ በኋላ ላቡን የምትጠቀሙ ሁሉ ያንኑ እንዳትደግሙ በማሰብ ያየሁትን በቅደም ተከተል እጽፋለሁ።

ፕሌት ምንድን ነው?

ስሪዲ ፕሪንተር ማለት እንደ ሽቦ የተጠቀለለ ፕላስቲክ፣ ማለትም ፊላመንት፣ እያቀለጠ ኖዝል በሚባለው አፍንጫው እየተፋ፣ በስስ ስስ ንብርብር ዕቃ የሚገነባ ማሽን ነው። የመጀመሪያው ንብርብር የሚያርፍበት የሚሞቅ ጠፍጣፋ ነገር ፕሌት ይባላል። ፕሌቱ ሁለት የሚጋጩ ሥራዎች አሉት። ማተሙ እስኪያልቅ ድረስ ዕቃውን ጥርቅም አድርጎ መያዝ አለበት፤ ሲያልቅ ደግሞ ሳይጎዳው መልቀቅ አለበት። የጀማሪ ሰው ጭንቀት ሁሉ መያዙ ላይ ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። መልቀቁን ያሰብኩበት ከመሸ በኋላ ነው።

ነገሩን ለመረዳት የእናቶቻችንን ምጣድ ማሰብ ይበቃል። ያልተሟሸና በጎመን ዘር ያልታሰሰ ምጣድ ላይ የተጋገረ እንጀራ አይነሳም፤ በግድ ካነሱት ይቀደዳል። በስሪዲ ፕሪንተር ግን ልዩነት አለ። አንዳንድ ጊዜ የሚቀደደው እንጀራው ሳይሆን ምጣዱ ነው።

በላቡ ውስጥ ሦስት ዓይነት ፕሌት አለ። አንደኛው ተራ መስታወት ነው፤ ውፍረቱ አራት ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን ሙቀት የሚችል ዓይነት ነው። ሁለተኛው ልሙጥ ፒኢአይ ነው። ፒኢአይ ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ካልደረሰ የማይለሰልስ፣ ወርቃማ ቡናማ ቀለም ያለው ፕላስቲክ ነው። በስስ ልጣጭ መልክ ተሠርቶ በማጣበቂያ ስፕሪንግ ብረት ላይ ይለጠፋል። ሦስተኛው ሸካራው ፕሌት ነው። እሱም ስፕሪንግ ብረት ነው፤ ነገር ግን ፒኢአዩ በዱቄት መልክ ተረጭቶበት በሙቀት የተጋገረ ስለሆነ ሲዳስሱት እንደ ደቃቅ አሸዋ ወረቀት ይሻክራል። ሁለቱ የብረት ፕሌቶች በማግኔት ስለሚያዙ ተነስተው ይጎበጣሉ፤ ሲለቀቁም ወደ ቅርጻቸው ይመለሳሉ። ስፕሪንግ የተባሉትም ለዚህ ነው።

ፒኤልኤ በመስታወት ላይ፦ አምሮ የወጣው ግን ያልሆነው

በመጀመሪያ የተጠቀምኩት ፒኤልኤ የተባለውን ፊላመንት ነው። ርካሽ ነው፣ ጠረኑ አያስቸግርም፣ ብዙም አይጣመምም። የኪዩቡን አራት ፊቶች ለየብቻ፣ እያንዳንዱን 60 በ60 ሚሊ ሜትር አድርጌ፣ ፊታቸውን ወደ ታች ደፍቼ ለማተም ወሰንኩ። ይህን ያደረግሁበት ምክንያት አለ። የፕሌቱ ገጽታ እንደ ማኅተም በዕቃው ላይ ይቀራል፤ መስታወት ላይ የታተመ ፊት መስታወት ይመስላል፣ ሸካራ ላይ የታተመ ፊት ሸካራ ይሆናል።

ለፒኤልኤ ፕሌቱ 60 ዲግሪ ገደማ ይበቃዋል። መስታወት ላይ ግን ማስተዋል ያለብን ነገር አለ። ሙቀቱን የሚለካው ሴንሰር ያለው ከመስታወቱ ሥር ነው። ስክሪኑ 60 ሲል የመስታወቱ ላይኛው ፊት ገና አልደረሰም። ስለዚህ ቁጥሩ ከሞላ በኋላ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል። እኔ መጀመሪያ ሳልጠብቅ ጀምሬ ጥጉ ተነስቶብኛል። ሁለተኛ ጊዜ መስታወቱን በላርጎ አጥቤ፣ በንጹሕ ጨርቅ አድርቄ፣ ፊቱን በእጄ ሳልነካ ጀመርኩ። ያዘ።

ከሁሉ ያስገረመኝ አለቃቀቁ ነው። አልቆ ፕሌቱ ሲቀዘቅዝ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ሄጄ ሳየው ፊቱ ማንም ሳይነካው ተላቋል። ምክንያቱ በቀላል ሒሳብ ይገባል። ሁሉም ነገር ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ መጠኑ ግን ይለያያል። ከ60 ወደ 20 ዲግሪ ሲወርድ መቶ ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ፒኤልኤ ሩብ ሚሊ ሜትር ገደማ ያጥራል። ያንኑ ያህል ርዝመት ያለው ብረት የሚያጥረው 0.05 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ሙቀት ቻዩ መስታወትማ 0.02 እንኳ አይሞላም። ፕላስቲኩ ይሸሻል፣ መስታወቱ በቦታው ይቆማል። መያዣው በዚህ መሐል ይበጠሳል።

ይሁን እንጂ ይኸው ጥሩ ጠባይ አንድ ቀን ጉድ አደረገኝ። ሁለተኛውን ፊት እያተምኩ ሳለ መብራት ጠፋ። ማሽኑ ከቆመበት መቀጠል የሚችል ነው፤ የቆመበትን ከፍታ ያስታውሳል። ነገር ግን መብራቱ የመጣው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነበር። እስከዚያ መስታወቱ ቀዝቅዞ ዕቃውን ለቆታል። ማሽኑ ካቆመበት ሲቀጥል ዕቃው ከቦታው ተንሸራቶ ነበርና የቀለጠው ፕላስቲክ አየር ላይ እንደ ክር ተንዠረገገ። ከዚያ በኋላ መብራት በሚቆራረጥበት ሰሞን ረዥም ሥራ በባዶ መስታወት ላይ አልጀመርኩም። የግድ ከሆነም እንደ ሊፕስቲክ እየተሽከረከረ የሚወጣውን የወረቀት ኮላ በስሱ ቀብቼ ነው። ኮላው መስታወት ላይ ለፒኤልኤ መያዣውን ያጠነክረዋል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ይኸው ኮላ ተቃራኒውን ሥራ ሲሠራ እናየዋለን።

አራቱ ፊቶች ተጠናቀው ሲገጣጠሙ እንደ ፒያኖ ያብለጨልጩ ነበር። መምህራችን አይተው አደነቁ። ስቱዲዮ ገብተን መብራት ሲበራ ግን ካሜራው ውስጥ የሚታየው የጣቢያችን ስም ሳይሆን የመብራቱ ነጸብራቅ ሆነ። ማይኩን የያዘው ጓደኛችን እጁን ባነቃነቀ ቁጥር ነጭ ብልጭታ የተጠያቂው አገጭ ሥር ይመላለሳል። የመስታወት ፊት ለጠረጴዛ ጌጥ ወይም ለሚለጠፍበት ነገር ጥሩ ነው፤ ስቲከር እሱ ላይ ጥርቅም ይላል። በካሜራ ፊት ለሚቆም ዕቃ ግን አይሆንም።

ሁለተኛው ችግር የባሰ ነበር። ለመስክ ዘገባ ወደ አዋሽ ሰባት ሄደን ኪዩቡን መኪናው ዳሽቦርድ ላይ ረስተነው ምሳ በላን። ስንመለስ ሳጥኑ እንደ ሻማ ጎብጧል። ፒኤልኤ 60 ዲግሪ አካባቢ መለስለስ ይጀምራል፤ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ዳሽቦርድ ደግሞ ከዚያ በቀላሉ ያልፋል። ስለዚህ ለመስክ የሚሆን ሌላ ፊላመንት መፈለግ ግድ ሆነ።

ፒኢቲጂ በልሙጥ ፒኢአይ ላይ፦ ጥፋቴ

ቀጥሎ የመረጥኩት ፒኢቲጂን ነው። ይህ የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ከሚሠራበት ፕላስቲክ ጋር የሚዛመድ ሲሆን እስከ 80 ዲግሪ አካባቢ ቅርጹን ይይዛል። ለማተም ኖዝሉ 240 ዲግሪ ገደማ፣ ፕሌቱ ከ70 እስከ 90 ዲግሪ ይፈልጋል።

ፕሌቱን የመረጥኩት በስሕተት አስተሳሰብ ነው። በዚያን ሰሞን ልሙጡ ፒኢአይ ፕሪንተሩ ላይ ተገጥሞ ነበር። ፒኤልኤን አንድ ሁለት ጊዜ አትሜበት እጅግ ጥሩ ሆኖ ነበር፤ ኮላ አይፈልግ፣ ምን አይፈልግ። እንግዲያው ከፒኤልኤ ጋር እንዲህ ከተስማማ ከፒኢቲጂም ጋር ይስማማል ብዬ ደመደምኩ። ፕሌቱን በአልኮል ወለወልኩ፣ 85 ዲግሪ አደረግሁ፣ የኖዝሉን ከፍታም ለፒኤልኤ እንደነበረው ተውኩት። የመጀመሪያው ንብርብር ተጨፍልቆ እንደ መስታወት ተኛ። ደስ አለኝ።

ሲያልቅ በደንብ እንዲቀዘቅዝ ጠበቅሁ። ፕሌቱን ከማግኔቱ አንስቼ አጎበጥኩት። ዕቃው አልተነሳም። ደግሜ በተቃራኒው አጎበጥኩት። አሁንም የለም። ቀጥሎ ያደረግሁትን መናገር ያሳፍራል፤ ስፓቱላ አምጥቼ ከሥሩ ገፋሁት። ጠሽ አለና ተነሳ። ገልብጬ ሳየው ጥቁሩ ፕላስቲክ ላይ የሃምሳ ሳንቲም የሚያህል ወርቃማ ቡናማ ልጣጭ ተለጥፏል። ፕሌቱ ላይ ደግሞ በዚያው ልክ ብረቱ ገጦ ይታያል። ከጎኑም ልጣጩ ከብረቱ ተነስቶ እንደ ውኃ የቋጠረ ቁስል ያበጠበት ቦታ አለ።

የላቡን ቴክኒሺያን ጠርቼ አሳየኋቸው። በእርጋታ አይተው፣ “አንቺ ልጅ፣ ፒኢቲጂ ነው እንዴ ያተምሽበት?” አሉኝ።

“አዎ ጋሼ።”

“ኮላ ቀብተሻል?”

“አልቀባሁም። ንጹሕ ሲሆን ይሻላል ብዬ ነው።”

“ለፒኤልኤ ንጹሕ ይሻላል። ለዚህ ግን ንጹሕነቱ ነው የገደለሽ” አሉና ከመሳቢያቸው አንድ አሮጌ መስታወት አወጡ። መሐሉ ላይ እንደ ቅርፊት የተፈነቀለ ጎድጓዳ ነበረው። ይህም ከጥቂት ዓመታት በፊት ሌላ ተማሪ ፒኢቲጂ በባዶ መስታወት ላይ አትሞ፣ ዕቃው ሲነሳ የመስታወቱን ቁራጭ ይዞ የሄደበት ነው። እኔ መጀመሪያዋ ስላልሆንኩ ትንሽ ተጽናናሁ። ነገር ግን የልሙጡን ፕሌት ጉዳይ ሲነግሩኝ መጽናናቴ ጠፋ። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት የኢንጂነሪንግ ተመራቂዎች ለመመረቂያ ፕሮጀክታቸው ኤቢኤስ በተባለው ፊላመንት የማርሽ ጥርሶች ሊያትሙበት ተራ ይዘዋል። ኤቢኤስ ፕሌቱ ከ100 እስከ 110 ዲግሪ ሲሆን ልሙጥ ፒኢአይ ላይ እጅግ ይይዛል፤ ሲቀዘቅዝም በጣም ስለሚኮማተር ራሱ ይለቃል። ሸካራው ላይ ግን ሰፋ ያለ የኤቢኤስ ዕቃ ጥጉ የመነሳት ዕድሉ ይበዛል። ማለትም እኔ የቀደድኩት እነሱ የሚፈልጉትን ፕሌት ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ?

ቴክኒሺያኑ ያስረዱኝን በራሴ አገላለጽ ላቅርብ። ልሙጡ ፕሌት ላይ ሁለት መያዣዎች አሉ። አንዱ በዕቃውና በፒኢአዩ መካከል ያለው ነው። ሌላው በፒኢአዩ ልጣጭና በብረቱ መካከል ያለው ማጣበቂያ ነው። ስንጎትት የሚለቀው ከሁለቱ ደካማው ነው። በፒኤልኤ ጊዜ ደካማው የላይኛው ነው፤ ስለዚህ ዕቃው ይነሳል። ትኩስ ፒኢቲጂ ግን ከፒኢአዩ ጋር እጅግ ተዋህዶ ስለሚጣበቅ የላይኛው መያዣ ከታችኛው ይበልጣል። በዚህ ጊዜ የሚነሳው ዕቃው ብቻ ሳይሆን ፒኢአዩም ጭምር ነው። የኖዝሉ ከፍታ ዝቅ ማለቱ ደግሞ ፕላስቲኩን ይበልጥ ስለሚጨፈልቀው ነገሩን አባባሰው።

ስለዚህ ልሙጥ ፒኢአይ ላይ ፒኢቲጂ ማተም የግድ ከሆነ በመካከል የሚለይ ነገር ያስፈልጋል። እሱም ያው የወረቀት ኮላ ነው። መስታወት ላይ ፒኤልኤን እንዲይዝ የቀባነው ኮላ እዚህ እንዳይይዝ ይቀባል። እርስ በርሱ የሚቃረን ይመስላል፣ አይቃረንም። ኮላው መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ሽፋን ነው። ደካማ መያዣ ባለበት ቦታ ያጠነክራል፤ ከመጠን ያለፈ መያዣ ባለበት ቦታ ደግሞ ዕቃው ሲነሳ ኮላው ቀድሞ ይሰነጠቅና ፕሌቱን ያድናል። ውኃ ስለሚያሟሟውም በኋላ ይታጠባል። የእንጀራ ምጣድ ምሳሌዬ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ምጣድ በቅባት ይታሰሳል፣ ፕሌት ላይ ግን ቅባት ጠላት ነው። የጣት ወዝ እንኳ በቂ ነው፤ በነካነው ቦታ ልክ ዕቃው ይነሳል።

አንድ ሰው ጥፋቱን አስቀድሞ ማወቅ ይችላል ወይ ቢባል፣ አዎ ይችላል። ፕሌቱ ከ30 ዲግሪ በታች ቀዝቅዞ፣ ሁለት ጊዜ ጎብጦም ዕቃው አንድ ጥግ እንኳ ካልሰጠ እዚያ ላይ ማቆም ነው። በጠርዙ ዙሪያ ትንሽ አልኮል ጠብ አድርጎ እስኪሰርግ መጠበቅ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ደግሞ ማጎበጥ ይሞከራል። ስፓቱላ የሚነሳበት ጊዜ ፕሌቱ የሚሞትበት ጊዜ ነው።

ፒኢቲጂ በሸካራው ብረት ላይ፦ የተሳካው

ሸካራውን ፕሌት እስከዚያ ድረስ የናቅሁት መልኩ ስላላማረኝ ነበር። የሚሠራበት መንገድ ግን ለፒኢቲጂ ልክ ነው። አንደኛ፣ ፒኢአዩ ብረቱ ላይ የተጋገረ እንጂ በማጣበቂያ የተለጠፈ ስላልሆነ ተልጦ የሚነሳ ልጣጭ የለውም። ሁለተኛ፣ የቀለጠው ፕላስቲክ በአብዛኛው የሚያርፈው በሸካራው ጫፎች ላይ ነው፤ ጎድጓዳዎቹን ሙሉ በሙሉ አይሞላቸውም። ፒኢቲጂ ያለ ልክ የሚጣበቅ ስለሆነ መነካካቱ ሲቀንስለት ልክ ይሆናል። ለፒኤልኤ ግን ይኸው መቀነስ ጉዳት ሊሆን ይችላል፤ ትንንሽ እግር ያላቸው የፒኤልኤ ዕቃዎች ሸካራው ላይ መሐል መንገድ ላይ ሲነቀሉ አይቻለሁ።

ያደረግሁት እንዲህ ነው። ፕሌቱን በሙቅ ውኃና በላርጎ አጠብኩ፤ ሸካራ ስለሆነ ወዙ ጎድጓዳው ውስጥ ይደበቃልና በአልኮል መወልወል ብቻ አይበቃም። ከዚያ የኖዝሉን ከፍታ እንደገና አስተካከልኩ። ይህ የማይዘለል ነው። ሦስቱ ፕሌቶች ውፍረታቸው አይመሳሰልም፤ አንዱን አንስቶ ሌላውን በማድረግ ያለ ማስተካከል መጀመር ማለት ወይ አየር ላይ ማተም፣ ወይ ኖዝሉን ፕሌቱ ላይ ማረስ ማለት ነው። ለፒኢቲጂ ከፍታውን ከፒኤልኤው በትንሹ፣ በ0.05 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ከፍ አደረግሁ። ንብርብሩ መተኛት አለበት እንጂ መጨፍለቅ የለበትም። ኖዝሉ በጣም ዝቅ ካለ ፕላስቲኩ በጎድጓዳዎቹ ውስጥ በኃይል ስለሚገባ የሸካራው ጥቅም ይጠፋል። ፕሌቱ 80 ዲግሪ ሆነ፣ ኖዝሉ 240። ለመጀመሪያው ንብርብር ማቀዝቀዣውን ፋን አጠፋሁ። ኮላ አልቀባሁም።

አልቆ ፕሌቱ እጅ የሚያስነካ ያህል ሲቀዘቅዝ አንስቼ አጎበጥኩት። አንድ ጊዜ ጠሽ አለና ዕቃው በራሱ እጄ ላይ ወደቀ። ወደ ፕሌቱ ሳይ ምንም አልቀረም።

ፊቱ አይንጸባረቅም፤ እንደ ጥሩ የካሜራ ዕቃ ደብዛዛ ጥቁር ነው። ስቱዲዮ ወስደን መብራት ስናበራ ብልጭታው የለም። በመልኩ የናቅሁት ፕሌት ለካሜራ የሚሆነውን መልክ የሰጠ እሱ ሆኖ ተገኘ። ዋጋው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ስቲከር ሸካራ ላይ በደንብ አይለጠፍም፤ በጥቂት ቀን ጥጉ ይነሳል። ስለዚህ ስሙን ወደ ውስጥ የጎደጎደ ፊደል አድርጌ ነጭ ቀለም ሞላሁበት። ሁለተኛ፣ የፊደሉ ጠርዝ እንደ ልሙጡ ጥርት ብሎ አይወጣም። የግዕዝ ፊደል ቀለበትና ቅጥያ ስላለው በጣም ከቀጠነ ይጠፋል። መጀመሪያ ባተምኩት ላይ “ሚ” ከ“ማ” አይለይም ነበር። የፊደሉን ውፍረት ከአንድ ሚሊ ሜትር ወደ ሁለት ስጨምረው ተስተካከለ።

ቲፒዩ፦ መጎበጥ የማይጠቅምበት

ኪዩቡ ማይኩ አንገት ላይ እንዳይንሸራተትና እንዳይንኳኳ ውስጡ እንደ ጎማ የሚለጠጥ ቀለበት ያስፈልገዋል። ለዚህ ቲፒዩ የተባለውን ፊላመንት ተጠቀምኩ። ቲፒዩ ፕሌቱን ብዙ ማሞቅ አይፈልግም፤ እኔ 45 ዲግሪ አደረግሁ።

ካለፈው ተምሬ በሸካራው ላይ አተምኩት። ያዘ። ሲያልቅ እንደ ልማዴ ፕሌቱን አጎበጥኩት፤ ምንም አልሆነም። ቆሜ ሳስበው ነገሩ ገባኝ። የስፕሪንግ ብረት ዘዴ የሚሠራው ዕቃው ግትር ሲሆን ነው። ብረቱ ይጎብጣል፣ ግትሩ ዕቃ አልጎብጥም ይላል፣ በዚህ ጠብ ይላቀቃሉ። ቲፒዩ ግን ከብረቱ ጋር አብሮ ይጎብጣል። ስለዚህ ጠርዙን በጥፍር ቀስ ብሎ አንስቶ እንደ ፕላስተር መላጥ ነው፤ ካስቸገረም ከሥሩ ትንሽ አልኮል ማስገባት። ልሙጥ ፒኢአይ ላይ ቲፒዩን ያለ ኮላ ማተም እንደ ፒኢቲጂ ሁሉ አደገኛ ነው፤ ከልክ በላይ ይጣበቃል። ይኸኛውን እንኳ አልሞከርኩትም፤ አንድ ቅዳጅ ይበቃኛል።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ሦስቱን ፕሌት በአንድ ሰው አፍ ላጠቃልል ቢባል እንዲህ እላለሁ። ፒኤልኤ ሆኖ ፊቱ እንዲያብረቀርቅ ወይም ስቲከር እንዲለጠፍበት ከፈለግን፣ መብራትም የማይጠፋበት ቀን ከሆነ፣ መስታወት ጥሩ ነው፤ እስኪሞቅ መታገሥ፣ እስኪቀዘቅዝ አለመንካት። ትንንሽ የፒኤልኤ ዕቃና ኤቢኤስ ከሆነ ልሙጥ ፒኢአይ፣ ያለ ኮላና በንጹሕ ፊት። ፒኢቲጂና ቲፒዩ ከሆነ ሸካራው ብረት። ሸካራው ከሌለና የግድ በመስታወት ወይም በልሙጡ ላይ ከሆነ ኮላ ሳይቀቡ አለመጀመር። ስለ ጽዳት ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ልሙጡ ፒኢአይ መያዝ ሲደክም አልፎ አልፎ በአሴቶን ይታደሳል፣ ቢደጋገምበት ግን ይሰነጣጠቃል። ሸካራው ላይ አሴቶን ጨርሶ አይነካም፤ ሽፋኑን ያበላሸዋል።

የቀደድኩት ፕሌት አልተጣለም። ቴክኒሺያኑ የገጠጠውንና ያበጠውን ቦታ በማርከር ከበቡት። ሁለቱ ተመራቂዎች ማርሾቻቸውን በአንድ ጊዜ ስድስት ሊያትሙ የነበረውን፣ በተረፈው ግማሽ ላይ ሦስት ሦስት አድርገው በሁለት ቀን አተሙ። የእነሱን አንድ ቀን እኔ ነኝ የወሰድኩት። ይቅርታ ጠይቄያቸው ነበር፤ አንደኛዋ ሳቀችና “ቢያንስ ጻፊው” አለችኝ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ዕዳ ክፍያ ነው።

አሁን ፕሪንተሩ ጎን በእጅ የተጻፈ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። “ፒኢቲጂ እና ቲፒዩ በሸካራው ብቻ። ልሙጡ ላይ ከሆነ ኮላ! ስፓቱላ ክልክል ነው” ይላል። ጽሑፉ የእኔ ነው፤ “ክልክል ነው” የሚለውን ያሰመሩበት ግን ቴክኒሺያኑ ናቸው። አራቱ ኪዩቦች ስቱዲዮ መደርደሪያ ላይ አሉ። ለመስክ ስትወስዷቸው ዳሽቦርድ ላይ ብትረሷቸውም እንደ በፊቱ በቀላሉ አይጎብጡም፤ ቢሆንም ባትረሱ ይሻላል።